ለሁለት ባልዲ ሩብ ጉዳይ

አልጋነሽን «ይቅር በዪ» ማለት ጆሮዋ ውስጥ ጉንዳን መጨመር ነው። የንስሐ አባቷ ግን ደግ ሰው ናቸውና አይደክማቸውም፤ ጾም በገባ ቁጥር «ልጄ፣ ያን ሰውዬ ይቅር አልሽው?» ይሏታል። እሷም «ገና ነኝ አባቴ» ትላቸዋለች፣ ወጡ በሰለ ወይ ተብላ የተጠየቀች ይመስል። በወር በወሩ በሃያ ሦስተኛው ቀን አራዳ ጊዮርጊስ ትሄድና ነጠላዋን አጣፍታ ግንቡ ሥር ትቆማለች። «ጊዮርጊስዬ፣ ለአጽብሐ ዕድሜ ስጠው። ጤና ስጠው። እኔ እስካገኘው ድረስ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው» ትላለች። አጠገቧ የቆመ ሰው ቢሰማት አጽብሐ ወንድሟ ወይም የልጅነት ፍቅረኛዋ ይመስለዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለምን ኖራለች።

አልጋነሽ የአራዳ ልጅ ናት። ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው አንድ ጠባብ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏን እዚያው ቀብራ፣ በሠላሳ ዓመቷ የቀን ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ አሸዋና ውሃ ትሸከም ነበር። ቆጠራ የማይጠፋት ሴት መሆኗን ያዩ ግንበኞች ሲሚንቶ የሚቀመጥበትን ቤት ሰጧት። እጇ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ቅባት የማይገባው ሆነ፣ ስሟ ግን ንጹሕ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እድር ድስቱን፣ ሳህኑንና ድንኳኑን የሚያስቀምጥበትን ቤት ቁልፍ ያስያዘው እሷን ነው። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር፤ ሲሚንቶ ስታፍስ ደረቷ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰው ወርቅ ቢያደርግ እንደዚያ አይኮራም።

ታዲያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አትክልት ተራ ጀርባ አንድ ነጋዴ መጋዘን ሲያሠራ፣ አልጋነሽ ሲሚንቶ ቤት ተቀመጠች። ሥራው የልስን ሥራ ነበር። ሦስት ግንበኞች በሦስት ወገን ይለስናሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ክምር ያስቦካል። ሙሉ ከረጢት ባንድ ጊዜ ቢገለበጥላቸው ሳይጨርሱት ይደርቅባቸዋል፣ ስለዚህ እሷ ከረጢቱን ትቀድና በባልዲ ትሰፍርላቸዋለች። ባልዲው ሁሉም ሰው የሚያውቀው የቀለም ባልዲ ነው። ባልዲ ተሸክማ የምታደርስላት ደግሞ ነጂባ ነበረች። ነጂባ አባቷ ከወሎ መጥተው አትክልት ተራ ማር የሚሸጡ፣ ሳቂታ፣ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን የምታጠባ ሴት ነች። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር፣ በጾም ቀን ብቻ ይለያያሉ።

አጽብሐ አዲስ ፎርማን ሆኖ መጣ። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር፣ ሁሉን ነገር በቁጥር የሚያስረዳ፣ ራሱን እንደ መሐንዲስ የሚያይ ሰው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ከረጢቶቹን ቆጠረ። አርባ ሆኑ። የተሰፈረውን ባልዲ ጠየቀ። አልጋነሽ በከሰል ግድግዳው ላይ የጫረችውን ቆጥራ ሰባ አለችው።

«ሰባ?» አለና ባልዲውን ገልብጦ ቂጡን አሳያት። «ሃያ ሊትር ይላል፣ ታነቢያለሽ? ሃያ ሊትር ማለት ሃያ ኪሎ ነው። ከረጢቱ ሃምሳ ኪሎ ነው። አንዱ ከረጢት ሁለት ባልዲ ተኩል ይወጣዋል። አርባ ከረጢት መቶ ባልዲ። ሠላሳው ባልዲ የት ገባ?»

«እኔ እንጃ» አለች አልጋነሽ። «እኔ ስሰፍረው አንዱ ከረጢት ሁለት ባልዲ አይሞላም። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው።»

«ለሁለት ሩብ ጉዳይ!» ብሎ ሳቀ። «ሠላሳ ባልዲ ማለት ስድስት መቶ ኪሎ ነው። አሥራ ሁለት ከረጢት ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው፣ ገባሽ?»

አልገባትም። ግን ሒሳቡ ሒሳብ ይመስላል፤ ሃያ በሁለት ተኩል ሲባዛ ሃምሳ ነው፣ ይሄን እሷም ታውቃለች። የራሷን ዓይን ተጠራጠረች። ምሳ ስትወጣ ሰው ገብቶ ይሆን? ከረጢቱ ሲመጣ ተቀዶ ይሆን? አጽብሐ «ካንቺ ሌላ እዚህ ቤት የሚገባ ማን አለ?» አላት።

«ነጂባ» አለች።

አንድ ቃል ናት። ሌላ አልጨመረችም። ሁለቱም ሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሙ። አጽብሐ «አራግፉ» አለ። አልጋነሽ ዘንቢሏን አራገፈች፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ቀሚሷንም እስከ ጉልበቷ ይዛ አራገፈች። ከነጂባ ሻሽ ውስጥ ግን ከምሳ ያስተረፈችው ደረቅ ዳቦ ወደቀ፣ ለቤት የያዘችው። አንዱ ግንበኛ ሳቀ። ነጂባ ዳቦውን አላነሳችም። አልጋነሽን አየቻት እንጂ አጽብሐን አላየችውም። በዚያው ሁለቱም ተባረሩ።

የአራዳ ልጅ ደግሞ ስም ለማውጣት ማንንም አያስፈቅድም። በሳምንቱ አልጋነሽ ስታልፍ ሲጋራና ማስቲካ ከሚያዞሩት ጀብሎዎች መሃል «ሩብ ጉዳይ! ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ድምፅ ተከተላት። ከዚያ የእድሩ ሊቀመንበር ቤቷ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ «እንዳይደክምሽ ብለን ነው እንጂ» እያሉ ቁልፉን ተቀብለዋት ሄዱ። ማንም ሌባ አላላትም። እንዲህ በትሕትና የተወሰደባት ነገር ከስድቡ ሁሉ ባሰባት። ክሩ አንገቷ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በማግስቱ በጥሳ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ወዲህ ነው ጊዮርጊስን ለአጽብሐ ዕድሜ መለመን የጀመረችው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ምሥጢሩ ተፈታላት። አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሥራ ላይ እየሩስ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ያቺ ልጅ አሸዋና ጠጠር የምታስለካው በእንጨት ሳጥን ነው፤ ወርዱና ቁመቱ ሃምሳ በአርባ፣ ጥልቀቱ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር። አልጋነሽ ለምን አሥራ ስምንት ሆነ፣ ለምን ሃያ አልሆነም ብላ ጠየቀቻት።

«ሳጥኑ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ እንዲሆን ነው፣ እትዬ» አለች እየሩስ። «ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ተፍታቶ ሲሰፈር ሠላሳ አምስት ሊትር አካባቢ ነው የሚሆነው። ሳጥኑ ሠላሳ ስድስት ይይዛል፣ ይቀራረባል።»

«ሃምሳ ኪሎ ሃምሳ ሊትር አይደለም?»

«እሱ ውሃ ነው!» እየሩስ ሳቀችና አንድ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣ ውሃ ሞልታ መዘነችው፤ አንድ ኪሎ። ውሃውን ደፍታ፣ አድርቃ፣ ሲሚንቶ ሞላችበት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ትንሽ አለፈ። «አየሽ? ሲሚንቶ ከውሃ ይከብዳል። ስለዚህ በኪሎ ብዙ ሆኖ ቦታ የሚይዘው ጥቂት ነው። በሃያ ሊትር ባልዲ ብትሰፍሪው አንዱ ከረጢት አንድ ባልዲ ከሦስት ሩብ ይወጣዋል።»

አንድ ባልዲ ከሦስት ሩብ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ።

አልጋነሽ ያን ቀን ከሥራ ወጥታ እስከ ቸርችል ጎዳና በእግሯ ሄደች። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እልህ ነው ያስለቀሳት። ማንም አልሰረቀም ነበር! አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ አልጠፋም ነበር! አርባ ከረጢት ሰባ ባልዲ መሆኑን የማያውቅ አንድ ባለ እርሳስ ሁለት ሴቶች አራገፈ። የመጀመሪያ ሐሳቧ ወደ ነጂባ መሮጥ ነበር። ነጂባ አትክልት ተራ ጫፍ ላይ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥበት ሱቅ እንዳላት ትሰማለች። ተነሳችና ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ «መጀመሪያ እሱን ላግኘውና፣ እውነቱን ከነውርደቱ ይዤላት እሄዳለሁ» አለች። ጥሩ ምክንያት ነበር። ምክንያት ደግሞ ሰው ማስቀመጥ ሲፈልግ ሦስት ዓመትም ያስቀምጣል። እሷ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ሽንኩርት ከሩቅ ሰፈር ትገዛ ጀመር።

በዚህ ዓመት ሐጂ እንድሪስ ከፒያሳ ጀርባ ባላቸው ቦታ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ያለው ቤት ማሠራት ጀመሩ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ቃላቸው ለስላሳ፣ ልጃቸው ሲሀም ነፍሰ ጡር ስለሆነች ፎቁን ለሷ ነው ያሰቡት። መሠረቱን የሠራላቸው ሰው ጠንቅቆ ሠርቶ ወደ አገሩ ሄደ። ምሰሶውን የሚያቆም አዲስ ፎርማን ያዙ። አልጋነሽ ሲሚንቶና አሸዋ ልትሰፍር በሰው ተጠርታ መጣች። በሩ ላይ ፎርማኑ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። እርሳሱ ግን ያው ጆሮው ላይ ነው።

«እናት፣ ሲሚንቶ ታውቂያለሽ?» አላት።

«በመጠኑ» አለች። አላወቃትም! ዘጠኝ ዓመት በሆዷ ስታስቀምጠው የኖረች ሴት እሱ ዘንድ አንድም ቀን አላደረችም። ይሄ ራሱ አንድ በደል ሆነና ከሌሎቹ ላይ ተደመረ።

ስምንት ምሰሶዎች አሉ። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ሊሞሉ ሆነ። ብረቱ ታስሯል፣ ጣውላው ተገጥሟል። አጽብሐ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የድብልቁን ልክ ነገራት። «አንድ ለሁለት ለሦስት ነው። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ከረጢቱ ሁለት ባልዲ ተኩል ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ከረጢት አምስት ባልዲ አሸዋ፣ ሰባት ባልዲ ተኩል ጠጠር። ተያዘ?»

ተያዘ። አልጋነሽ ባልዲውን ይዛ ቆማ ሒሳቡን በሆዷ ሠራችው። ከረጢቱ አንድ ባልዲ ከሦስት ሩብ ከሆነ፣ እጥፉ አሸዋ ሦስት ባልዲ ተኩል ነው። ሦስት እጥፉ ጠጠር አምስት ባልዲ ከሩብ ነው። ይሄ ሰው አንድ ባልዲ ተኩል አሸዋና ከሁለት ባልዲ በላይ ጠጠር ለሱ የሚሆን ሲሚንቶ ሳይኖር ሊጨምር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺ ሒሳብ ከአእምሮው አልወጣችም። በመላ አዲስ አበባ ስንት ምሰሶ በዚህ አኳኋን አቁሞ ይሆን? ያኔ ከረጢቱ ተቀዶ በባልዲ ስለተሰፈረ ጉድለቱ በሷ ላይ ታየ። አሁን ከረጢቱ እንዳለ ይገለበጣል፣ ማንም አይለካውም፣ ጉድለቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

መናገር ትችል ነበር። «ይሙላ» አለች በልቧ። «ይሙላውና ይቁምለት።» አምስት ባልዲ አሸዋ፣ ሰባት ባልዲ ተኩል ጠጠር ሰፈረችለት። ባልዲውን አፍ ለአፍ በጣውላ እየደለደለች፣ አንዲት እፍኝ ሳታዛባ ነው የሰፈረችው። ማንም ልኩን አበላሸሽ ሊላት አይችልም። የሱው ልክ ነው፣ የሱው ነገር ነው።

ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ አልጋነሽ በሕይወቷ እንዲህ ጥሩ ቀን አላየችም። ከሽሮዋ ጋር ሳይቀር ታወራለች። ላይኛው ወለል ሲሞላ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት፣ ምሰሶው ሲሰነጠቅ፣ ፖሊስ አጽብሐን ሠራተኛው ሁሉ ፊት ኪሱን ሲያራግፈው ታየዋለች። ቀሚሷን የያዘችበትን ቀን ያህል ጊዜ እንዲወስድ ፈልጋ በዝግታ ነው የምታየው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣውላው ከሁለቱ ምሰሶዎች ተነሳ። ሰው ሲወጣ እሷ ቀርታ በቤቷ ቁልፍ ጫፍ ማዕዘኑን ፋቀችው። ሁለት ቀን ያደረ ኮንክሪት አልፋቅ ሊል ይገባ ነበር፤ ይሄኛው እንደ ደረቀ ጭቃ ዱቄት አወጣ። ደስ አላት። ደስታው ከፊቷ ሳይጠፋ ሐጂ እንድሪስ ገቡ፣ ደክሟቸዋል፣ ጀርባቸውን በዚያው ምሰሶ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«እህቴ፣ እጃችሁ ይባረክ» አሉ። «ሲሀም አራስነቷን እዚሁ ነው የምትታረስ፣ ኢንሻላህ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ከዚህ ጣሪያ ሥር ነው ዓይኑን የሚገልጠው።» እያሉ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ዱቄት ካባቸው ላይ ቀረ። አራገፉት፣ ምንም አልመሰላቸውም።

አልጋነሽ አፈረች። አጽብሐ ላይ የያዘችው ነገር ልክ እንደሆነ አሁንም ታምናለች፣ ከዚያ አንድ ስንዝር አልተመለሰችም። ምሰሶው ግን የአጽብሐ ራስ ላይ ብቻ አይወድቅም። በቀሉን መተው አልፈለገችም፣ መንገዱን መቀየር ነው የፈለገችው።

ሰኞ ጠዋት ስድስቱ ምሰሶዎች ሊሞሉ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ሐጂ እንድሪስም አሉ፣ ፍቃዳቸውን እሷ ናት «አንድ ነገር ላሳይዎ» ብላ የጠየቀችው። ከወፍጮ ቤት ሚዛን ተውሳ፣ ሸክም የለመዱ ሁለት ጎረምሶች አሸክማ አምጥታለች። እህል የሚመዘንበት፣ መድረኩ ሰፊ፣ ትልቅ ሚዛን ነው። አጽብሐ ሚዛኑን ሲያይ «ዛሬ ደግሞ ስንዴ ልትሸጪልን ነው?» አለ። ሰው ሳቀ።

«አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ስንት ኪሎ ነው፣ ፎርማን?» አለችው።

«ሃያ።»

«ምዘነው።»

«ምን?»

«ሲሚንቶውን ራስህ ሙላው። እኔ አልነካውም፣ በኋላ ጠቅጥቀሽ ነው እንዳትለኝ። ቀስ ብለህ አፍስስ፣ አትነቅንቀው፣ በጣውላ ደልድለው።»

አጽብሐ ሐጂን አያቸው። ሐጂ ወደ ሚዛኑ አመለከቱት። ተናዶ አዲስ ከረጢት ቀደደ፣ ባልዲውን ሞላ፣ ደለደለ፣ አንስቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ሲያነሳው ራሱ ክንዱ ነገረው፤ አልጋነሽ ፊቱ ሲለወጥ አየች። ባዶው ባልዲ አንድ ኪሎ ነው፣ እሱን አስቀድማ አስመዝናለች። ሚዛኑ ሃያ ዘጠኝ ተኩል አለ።

«ሃያ ስምንት ተኩል ኪሎ» አለች ለሁሉም እንዲሰማ። «አሁን የቀረውን ወደ ሌላው ባልዲ ገልብጠው።»

ገለበጠው። ከረጢቱን እስከ ጥጉ አራገፈ፣ ወረቀቱን ሳይቀር በእጁ መታ። ሁለተኛው ባልዲ አንድ ሩቡ ባዶ ሆኖ ቀረ። ግንበኛ የሆነ ሰው ሁሉ አምስት ባልዲ አሸዋና ሰባት ባልዲ ተኩል ጠጠር ምን ማለት እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ገባው። አንዱ ሄዶ ሐሙስ የተሞላውን ምሰሶ በአካፋው ጫፍ ነካው፣ ፍርፋሪው መሬት ላይ ሲወርድ ሁሉም ሰማ። ሐጂ እንድሪስ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ምሰሶው አጠገብ የነበረውን ወንበራቸውን ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

አጽብሐ ሁለቱን ባልዲዎች አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ለሁለት ሩብ ጉዳይ» አለ ቀስ ብሎ። አወቃት።

ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይሄ ነው። ምላሷ ላይ ጣፈጣት። «አዎ፣ ሩብ ጉዳይ ነኝ» አለች። «አትክልት ተራ ጀርባ። አርባ ከረጢት፣ ሰባ ባልዲ። አሁን አራግፍ።»

«ምን?»

«ኪስህን። ኮትህን። እንደኔ ሰው ፊት።»

ሐጂ «እህቴ፣ ይበቃል» አሉ። እሷ እሺ አላለቻቸውም። «አልበቃኝም፣ ሐጂ። ቀሚሴን አስይዞ አራግፎኛል። የእድር ቁልፍ ከአንገቴ አስወልቆኛል። አራግፍ!»

አጽብሐ አመነታ፣ ከዚያ ኮቱን አወለቀና አራገፈው። ሜትር ወደቀ። አንድ እሽግ የደም ግፊት መድኃኒት ወደቀ። ሽልንጎች ተንከባለሉ፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱም ወረደ። ሰው አልሳቀም፣ ይሄ ትንሽ ቅር አሰኛት። ጎንበስ ብሎ መድኃኒቱን አነሳ። ቀና ብሎም ዓይኗን ትክ ብሎ አየ።

«አንቺን ፈትሼሻለሁ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። «ሲሚንቶውን አላውቅም ነበር፣ እሺ። ያቺን የምታጠባዋንስ ልጅ? እኔ ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ማን ነገረኝ?»

«አንተ አስጨንቀኸኝ» የሚለው መልስ ዘጠኝ ዓመት ተዘጋጅቶ የኖረ ነበር፣ ግን የአልጋነሽ አፍ ላይ ሲደርስ ቀለለ። ዙሪያዋን የቆሙት ሁሉ አሁን የሚያዩት እሷን ነው። አጽብሐ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሜትሩን እዚያው ትቶ ከግቢው ወጣ። ሐጂ አልጠሩትም።

መሐንዲሷ እየሩስ በአልጋነሽ ጥቆማ ተጠርታ መጣች። ሁለቱን ምሰሶዎች በመሳሪያዋ እየመታች ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «ይፍረሱ» አለች። ለቀሪው ሥራ ልኩን ያስያዘችው አልጋነሽ ናት። የእጅ ጋሪውን ባዶ አድርጋ በደልዳላ ባልዲ ሞላችው፣ ሦስት ባልዲ ያዘ። ለአንድ ከረጢት አሸዋው አንድ ጋሪና ግማሽ ባልዲ፣ ጠጠሩ አንድ ጋሪና ሁለት ባልዲ ከሩብ። ዝናብ የነካው አሸዋ ስለሚያብጥ ለሱ ትንሽ ይጨመርለታል። ይሄን ሁሉ በቀይ ቀለም በጋሪው ሆድ ላይ አሰመረች። ሠራተኞቹ ከሳምንት በፊት «እናት» ይሏት የነበረችውን «ፎርማን» አሏት፣ የወጣውን ሰውዬ ደግሞ ከወዲሁ «ሁለት ተኩል» የሚል ስም አውጥተውለታል። የጠየቀችውን ሁሉ አግኝታለች። መዶሻው ምሰሶውን ሲመታ ግን በየምቱ የምትሰማው ያቺን አንድ ቃል ነበር። ነጂባ። ነጂባ። ነጂባ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ዘንቢሏን ይዛ ወደ አትክልት ተራ ወረደች።

ሱቁ ጠባብ ነው። የሽንኩርት ክምር፣ የድንች ጆንያ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን። ነጂባ ወፍራለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ለሁለት ደንበኞች ትመዝናለች። አልጋነሽን አየቻትና እጇ አልቆመም። የያዘችውን መዝና ጨርሳ «ምን ልስጥሽ?» አለች።

«ነጂባ፣ ማንም አልሰረቀም ነበር» አለች አልጋነሽ። ንግግሯን አስተካክላ ነበር የመጣችው፣ ግን ሁሉም ባንዴ ወጣ። ባልዲው፣ ከረጢቱ፣ ሠላሳ አምስት ሊትሩ፣ ሚዛኑ፣ አጽብሐ ኮቱን ማራገፉ። «ሰው ሁሉ ፊት አራገፍኩት። ላንቺም ነው ያራገፍኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ነገሩሽ?»

«ሰውዬውን አላልኩም። ሲሚንቶውን ነው።» ነጂባ ከሽንኩርቱ ላይ ልጣጭ አነሳችና ጣለች። «የማር ነጋዴ ልጅ ነኝ። አንድ ቆርቆሮ ማርና አንድ ቆርቆሮ ውሃ እኩል እንደማይመዝን በአምስት ዓመቴ አውቃለሁ። ያኔ ወጥተን ስንሄድ ልነግርሽ ጠራሁሽ። ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። አንገትሽን ደፍተሽ በሌላ በኩል ሄድሽ።»

አልጋነሽ ያን አላስታወሰችውም። ከዚያ አስታወሰችው። እጇ ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ነበር፣ አነሳችው።

«ምን ላድርግልሽ?» አለች። «ንገሪኝ። የፈለግሽውን።»

ነጂባ ሁለቱን ደንበኞች አየች። መንገድ ላይ ጋሪ የሚገፋውን አየች። ከዚያ የሚዛኑን ሳህን ከባንኮኒው ላይ ወደ ጎን ገፋችና ቦታ አደረገች።

«ዘንቢልሽን አራግፊ» አለች።

አልጋነሽ ዘንቢሏን አነሳች። ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። የምሳ ዕቃዋ፣ ቀይ ቀለም የነካው ብሩሽ፣ ሻሽ፣ የቤቷ ቁልፍ፣ ከምሳ የተረፈ ግማሽ ዳቦ። ደንበኞቹ ያያሉ። ነጂባ አንድ በአንድ አየችው፣ ዳቦውን በጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየች፣ አልቸኮለችም። የአልጋነሽ ፊት ጋለ፣ ግን እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«የተሰረቀ ነገር የለም» አለች ነጂባ ለደንበኞቹ። ዳቦውን ራሷ አንስታ ዘንቢሉ ውስጥ መለሰችው፣ የቀረውን ለአልጋነሽ ተወችላት። ከዚያ የሚዛኑን ሳህን ወደ ቦታው መለሰች።

«ሽንኩርት ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አለች።